የገና ካክተስ ቦታ ሲቀየርበት እምቡጡን ለምን ያራግፋል? ሳያራግፍ እንዴት ይዛወራል?

በኖቬምበር ወር ከችግኝ መሸጫ የሚገዛ የገና ካክተስ ብዙውን ጊዜ እምቡጥ ሞልቶበት ነው ቤት የሚገባው። ሳሎን ከተቀመጠ ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ ትንንሾቹ እምቡጦች ቢጫ ይሆናሉ፤ ሳምንት ሲሞላ ጠረጴዛው ላይ ረግፈው ይገኛሉ። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፤ ተክሉም የታመመ አይመስልም። ሰው ይሄኔ ውኃ ይጨምርለታል፣ ወይም ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ የተረፈውም ይረግፋል።

ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂዎቹ ሁለት ለውጦች ናቸው፦ የብርሃን መቀነስና የሙቀት መጨመር። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ሲመጡ ጉዳቱ ይበረታል። ከዚህ በታች ያለው ሰሜን አሜሪካ ወይም አውሮፓ ውስጥ ክረምት ላይ በማሞቂያ በሚኖር ቤት ላይ ያተኩራል፤ ችግሩ በብዛት የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባው ሁኔታ ትንሽ ስለሚለይ ለብቻው ተነስቷል።

ተክሉን መለየት

በገና ካክተስ ስም የሚሸጡት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። በመደብር በብዛት የሚገኘው የአንጓዎቹ፣ ማለትም በተለምዶ ቅጠል የሚባሉት ጠፍጣፋ ክፍሎቹ፣ ጠርዝ እንደ መጋዝ ሹል ሹል ያለ ነው፤ በኖቬምበር ማለቂያ፣ በአሜሪካው የታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን ያብባል። ሁለተኛው ጠርዙ ክብ ክብ ያለ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንዠረገግ ነው፤ የሚያብበውም ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ነው። እንግሊዝ አገር በ1840ዎቹ የተዳቀለው ይህ ሁለተኛው ነው። ለሁለቱም አያያዙ አንድ ነው። በጸደይ የሚያብበውና አበባው ኮከብ የሚመስለው የፋሲካ ካክተስ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ እዚህ የተጻፉት ቀኖች ለሱ አይሠሩም።

የገና ካክተስ የበረሃ ተክል አይደለም። የትውልድ ቦታው የደቡብ ምሥራቅ ብራዚል የባሕር ዳር ተራሮች ነው፤ እዚያ የሚያድገው ዛፍ ላይና የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ በጥላ፣ ቀዝቀዝና እርጥብ ባለ አየር ነው። በደረቅና በሞቀ ሳሎን የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ደረጃዎች መለየት አለባቸው

ብዙ ምክር እርስ በርሱ የሚጋጨው ሁለት የተለያዩ ጊዜያት ስለሚቀላቀሉ ነው። አንዱ «ጨለማ አድርጉለት» ይላል፣ ሌላው «ብርሃን ስጡት» ይላል። ሁለቱም በየጊዜያቸው ልክ ናቸው።

የመጀመሪያው ደረጃ እምቡጥ ገና ሳይታይ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ተክሉ የሌሊቱን ርዝመት ይለካል። በየቀኑ ከ12 እስከ 14 ሰዓት የሚደርስ ያልተቋረጠ ጨለማ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ካገኘ፣ የሌሊቱም ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ፣ በጫፍ አንጓዎች ላይ እምቡጥ ይጀምራል። ሌሊቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ከቀዘቀዘ የጨለማው ርዝመት ባይሟላም እንኳ እምቡጥ ሊያወጣ ይችላል። ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን ጨለማው ቢረዝምም እምቡጡ ይዘገያል ወይም ይቀራል። በዚህ ደረጃ በመሃል ሌሊት የሚበራ መብራት ወይም በመስኮት የሚገባ የመንገድ መብራት ቆጠራውን ያበላሽበታል።

ሁለተኛው ደረጃ የሚጀምረው እምቡጡ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በዓይን ሲለይ ነው። አዲስ ቅጠልና እምቡጥ መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቀላ ብለው ከአንጓው ጫፍ ብቅ ይላሉ። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚያድገው፤ እምቡጡ ድቡልቡል ነው። እምቡጡ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሌሊቱ ርዝመት ጉዳዩ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው በቀን በቂ ብርሃን፣ ቀዝቀዝ ያለና የማይዋዥቅ ሙቀት፣ ያልተቋረጠ መጠነኛ እርጥበት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እምቡጡ ከታየ በኋላም በየምሽቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እየከተተ፣ ጠዋት እያወጣ ይቀጥላል። ተክሉ በቀን ሁለት ጊዜ ከቦታ ቦታ ይዞራል፣ የብርሃን ሰዓቱም ያጥርበታል። እምቡጥ እንዳያችሁ የጨለማውን ሥራ በዚያው ቀን አቁሙ።

በተዛወረበት ቀን ምን ይሆናል?

እምቡጥ ራሱን አይመግብም። አበባ እስኪሆን የሚያስፈልገውን ስኳር የሚያገኘው አንጓዎቹ በብርሃን ከሚያመርቱት ነው። በችግኝ ቤት ብርሃኑ ከላይም ከጎንም ይመጣል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከመስኮት ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ተክል የሚያገኘው መስኮቱ ሥር ካለው ብርሃን አንድ አሥረኛውን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስተካክል ክፍሉ ብሩህ መስሎ ይታየናል፤ ተክሉ ግን ምርቱ ወዲያው ይወድቅበታል።

በዚሁ ላይ ሙቀቱ ይመጣል። ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ተክሉ ለመተንፈስ የሚያቃጥለው ስኳር ይጨምራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳያመርት ያቃጥላል። ገቢው ቀንሶ ወጪው ስለጨመረ ሁሉንም እምቡጥ መመገብ ያቅተዋል። ይሄኔ ተክሉ ራሱ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ በእምቡጡ ሥር ያሉት ሕዋሳት ይላቀቃሉ፤ እምቡጡም ይወርዳል። መጀመሪያ የሚሄዱት ትንንሾቹና ቀለም ያልያዙት ናቸው። ቀለም አውጥተው የረዘሙት የተሻለ ይቋቋማሉ።

ይህ ሂደት ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ የረገፈው እምቡጥ የሚናገረው ባለፈው ሳምንት ስለሆነው ነገር ነው። ዛሬ ደንግጣችሁ እንደገና ብታዛውሩት ሌላ ለውጥ ትደርቡበታላችሁ። ቦታው በግልጽ መጥፎ ካልሆነ በቀር አለመንካት ይሻላል።

ብርድም በበኩሉ ያራግፋል። ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ነፋስ ውስጥ ተክሉን ከመደብር እስከ መኪና መሸከም፣ ወይም የመኪና ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ለሰዓታት መተው ይበቃል። ከውጭ የሚመጣ ኤቲሊንም እንደዚሁ ነው፤ ሙዝና ፖም ሲበስሉ ያመነጩታል፣ በደንብ ያልነደደ ጋዝና ጭስም ውስጥ አለ። ቡና የሚፈላበትን፣ ዕጣን የሚጨስበትን ጥግና የፍራፍሬ ሳህኑን ከካክተሱ ማራቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ደረጃ በደረጃ፦ እምቡጥ የያዘ ተክል ገዝቶ ማስገባት

1. ቦታውን ከመግዛታችሁ በፊት ምረጡ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ክረምት ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ጥሩ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚያየውም ስስ መጋረጃ ካለው ይሆናል። ብርሃኑን በእጃችሁ ለኩ፦ እኩለ ቀን ላይ ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ መዳፋችሁን ከነጭ ወረቀት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ጥላው ለስለስ ብሎ ግን ተለይቶ ከታየ ብርሃኑ ይበቃል። ጥላ ከነጭራሹ ካልታየ ቦታው ጨለማ ነው። ጠርዙ ቁልጭ ብሎ የጠቆረ ጥላ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ በቀጥታ እየመታው ነው፤ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

2. ሙቀቱን እዚያው ቦታ ላይ ለኩ። ግድግዳው ላይ ያለው የማሞቂያ መቆጣጠሪያ የሚያሳየው የኮሪደሩን ሙቀት ነው። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ትንሽ ቴርሞሜትር መስኮቱ ላይ አንድ ቀንና ሌሊት አሳድሩ። የሚፈለገው ቀን ከ18 እስከ 21፣ ሌሊት ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ በፋራናይት ቀን ከ65 እስከ 70፣ ሌሊት ከ55 እስከ 65 መሆኑ ነው። ከመስታወቱ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማራቅ አለባችሁ፤ ማታ ወፍራም መጋረጃ ስትዘጉ ተክሉ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ከቀረ ሌሊቱን በብርድ ያድራል። የማሞቂያው አየር መውጫ በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢስማማ እንኳ አይሆንም።

3. ስትመርጡ እምቡጡን እዩ። ቢያንስ አንድ የተከፈተ አበባና ቀለም የያዙ ረዘም ያሉ እምቡጦች ያሉት ተክል ጉዞውን ይችላል። ሁሉም እምቡጥ ትንሽና አረንጓዴ የሆነበት ብዙ ጊዜ የሚቆይ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን የሚያጣው እሱ ነው። መደብሩ በር አጠገብ፣ በየደቂቃው ብርድ በሚገባበት ቦታ የቆመውን ተዉት፤ የሚረግፈው እናንተ ቤት ቢሆንም ጉዳቱ እዚያ ተጀምሯል።

4. ስትሸከሙ ጠቅልሉት። ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ከላዩ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት፣ መኪናውን አስቀድማችሁ አሙቁ፣ በቀጥታ ወደ ቤት ሂዱ። ቤት እንደደረሳችሁ ወረቀቱን ወዲያው አውጡ፤ ታፍኖ ካደረ የራሱ ኤቲሊን ይጠራቀምበታል።

5. አንድ ጊዜ አስቀምጡ፣ ከዚያ አትንኩት። በማሰሮው ላይ ወደ መስኮቱ የዞረውን ጎን በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ለማጽዳት ካነሳችሁት በዚያው አቅጣጫ መልሱ። እምቡጦቹ ወደ ብርሃን ስለሚጠመዘዙ ማሰሮውን በየጊዜው ማዞር አዲስ ጫና ይሆንባቸዋል። አፈርና ማሰሮ መቀየርም አበባው እስኪያልቅ ይቆይ።

6. ውኃውን አስተካክሉ። የላይኛው አፈር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ለብ ያለ ወይም የክፍል ሙቀት ያለው ውኃ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጡ፤ ሳህኑ ላይ የቀረውን ከሩብ ሰዓት በኋላ ድፉ። የስጦታ ማሰሮዎች በሚያብረቀርቅ ወረቀት ስለሚጠቀለሉ ውኃው እዚያ ይቆማል፤ ወረቀቱን አውልቁ ወይም ታቹን ብሱት። ማዳበሪያ አሁን አይሰጥም።

ከበረንዳ ወደ ቤት የሚገባው ተክል

በጋውን ውጭ ያሳለፈ ካክተስ ሌላ ዕድል አለው፤ የማዛወሪያውን ጊዜ እናንተ ትመርጣላችሁ። ጥሩው ጊዜ እምቡጥ ከመታየቱ በፊት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ማለት የሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ፣ የሌሊቱ ብርድ ወደ 10 ዲግሪ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለአሥር ቀን ያህል በደረጃ አስገቡት፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከበረንዳው ጥላ ወዳለበት ጥግ፣ ቀጥሎ ማሞቂያ ወዳልበራበት ብሩህ ክፍል፣ በመጨረሻ ወደሚያብብበት መስኮት። ጫፉ ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱ ለጋ አንጓዎች ካሉ በዚሁ ጊዜ በጣት አጠፍ አድርጋችሁ ቀንጥሷቸው፤ ለጋ አንጓ እምቡጥ አይዝም፣ ሲቀነጠስ ከሥሩ ያለው የበሰለው ይይዛል።

ከዚያ የጨለማው ጊዜ ይጀምራል። ማታ መብራት የማይበራበት ክፍል ካለ እዚያው ይደር፤ የኦክቶበር ሌሊት በራሱ ይበቃዋል። ካልሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ በካርቶን ሸፍኑት። ተክሉ ከቦታው ሳይነሳ ካርቶኑ ቢወርድበት ይመረጣል። ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩነት ይህ ነው፦ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት እንኳ ከ12 ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ተክሉን ለእምቡጥ የሚያነሳሳው በተለይ ከጥቅምት ጀምሮ የሚመጣው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። በረንዳ ላይ ያለው ካክተስ ያለ ምንም ካርቶን እምቡጥ የሚሞላው ለዚህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ለማስዋብ ወደ ሳሎን ውስጠኛ ጥግ ሲገባ ግን በአንድ ቀን ብሩህና ቀዝቃዛ ከነበረ ቦታ ወደ ደብዛዛ ቦታ ይሻገራል። እምቡጦቹ ቀለም እስኪይዙና የመጀመሪያዎቹ እስኪከፈቱ በረንዳው ላይ ቆይቶ፣ ከዚያ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ አንድ አፓርታማ ቅዳሜ ዕለት 30 እምቡጥ ያለው ካክተስ ገባ እንበል። ከእነዚህ 10ሩ ቀለም ይዘው ረዝመዋል፤ 20ው ትንንሽና አረንጓዴ ናቸው። የተቀመጠው ከመስኮት ሦስት ሜትር በሚርቅ የቴሌቪዥን መደርደሪያ ላይ ነው። ቤቱ ቀንም ሌሊትም 24 ዲግሪ ነው፤ አየር መውጫው ከመደርደሪያው በላይ ነው።

ረቡዕ ዕለት ከትንንሾቹ አራቱ ቢጫ ሆነው ሲነኩ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ቦታው ራሱ በግልጽ መጥፎ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። በዚህ ምሳሌ መጥፎ ነው፤ የእጅ ጥላ አይታይም፣ ሙቅ አየር በቀጥታ ይነፍሳል። ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ዝውውር ይፈቀዳል፦ ወደ መኝታ ቤቱ ምሥራቃዊ መስኮት። እዚያ የማሞቂያው መውጫ በግማሽ ይዘጋል፣ ሌሊቱ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። አፈሩ ይነካል፤ እርጥብ ስለሆነ ውኃ አይጨመርም።

ከዚህ በኋላ ለአምስትና ለስድስት ቀን መርገፉ ይቀጥላል፤ ውሳኔው አስቀድሞ የተወሰነባቸው እምቡጦች ናቸውና አዲሱ ቦታ አልተስማማውም ማለት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት መርገፉ ከቆመና የቀሩት ከረዘሙ ዝውውሩ ሠርቷል። ቀለም የያዙት 10ሩ አብዛኞቹ ይከፈታሉ፤ ከትንንሾቹ ግማሹ ቢተርፍ ጥሩ ውጤት ነው። ሁሉንም ማትረፍ አይቻልም።

መኝታ ቤቱ መስኮት ባይኖረው ኖሮ ተክሉን እዚያው ሳሎን ትቶ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አድርጎ በቀን ለ12 ሰዓት ማብራት ይቻላል፤ እምቡጡ ስለታየ መብራቱ አይጎዳውም። የአየር መውጫውን አቅጣጫ ግን መቀየር ግድ ነው።

የረገፈውን እምቡጥ ማንበብ

የወደቀውን አንሱና ቅጠሉንም ዳስሱ። ትንንሾቹ ብቻ ቢጫ ሆነው በንጽሕና ከሥራቸው ከተላቀቁና ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ ምክንያቱ የብርሃን ማነስና ሙቀት ነው። መስኮቱን የሚያየው ጎን ደህና ሆኖ ከበስተኋላ ያለው ብቻ ከረገፈ ይህ ይበልጥ ይረጋገጣል። ትልቁም ትንሹም፣ ገና ወዛቸው ሳይጠፋ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ አብረው ከረገፉ ብርድ የመታው ወይም ጋዝ የደረሰበት ነው፤ የመስኮት ክፍተትን፣ ምድጃንና ፍራፍሬን ፈትሹ።

እምቡጡም ቅጠሉም ከተሸበሸበ ነገሩ ውኃ ነው፤ የጎደለው ወይስ የበዛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ሥሩ ነው። ማሰሮው ቀሎ አፈሩ ከደረቀ አጠጡት፤ በአንድና በሁለት ቀን ይቀናል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከዛለ ከማሰሮው ቀስ አድርጋችሁ አውጡና ተመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ሲነካ የሚሟሽሽ ከሆነ በስብሷል። ይህኛው በብርሃንና በሙቀት ማስተካከል አይድንም፤ የበሰበሰውን ቆርጦ በሚያንጠፈጥፍ አዲስ አፈር መትከል፣ ከላይም ሁለት ሦስት አንጓ ያላቸውን ጤነኛ ቁራጮች ወስዶ ሥር ማስያዝ ነው የሚያዋጣው። የዘንድሮው አበባ ይቅር።

አንድ ጫፍ ላይ ሦስት እምቡጥ ወጥቶ አንዱ ቢረግፍ ደግሞ ችግር አይደለም፤ ተክሉ የሚመግበውን እየመረጠ ነው። ቢጫ አበባ ያላቸው ዝርያዎች ሲቀዘቅዙ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ጥላ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ያም በሽታ አይደለም፣ የእምቡጡ ጊዜ ሌሊቱን ከ15 ዲግሪ ሳያንስ ቢያድር ቢጫው ይጠራል።

ሁሉም እምቡጥ ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ጤነኛ ከሆነ ወዲያው እንደገና ጨለማ ማስገባት ይቻላል፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍልና አምስት ስድስት ሳምንት ረጅም ሌሊት ካገኘ አንዳንዱ ተክል በየካቲት ወይም በመጋቢት ለሁለተኛ ጊዜ ያብባል። የሚወጣው አበባ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ በዚህኛው ዙር ግን ተክሉ የሚያብብበት መስኮት ላይ ቆሞ ካርቶኑ እላዩ ላይ ይወርድ እንጂ እሱ ከቦታው አይነሳ።